በሁለተኛው ቀን ኩፍ ያለ እርሾ ለምን አይታመንም

ከዱቄትና ከውሃ ብቻ የዳቦ እርሾ ለመጀመር የሞከረ ሰው ብዙውን ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው በአምስተኛው ቀን ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ሊጡ ጠርሙሱን ሊሞላ ደርሶ ነበር። በሦስተኛው ቀዘቀዘ፣ በአራተኛው አንድም አረፋ አልወጣውም፣ በአምስተኛው ከላዩ ውሃ አቆረና ከነጠርሙሱ ታጠበ። የሚያሳዝነው ያ ሊጥ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። መንገዱ እንዲያ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ቢታገሡት ይነሳ ነበር።

ለዚህ ስህተት እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ። እርሾ የሚለውን ቃል የምናውቀው ከእንጀራ ነው። የጤፍ ሊጥ ቦክቶ ሲረጋ ከላይ የሚያቆረው ቢጫማ ውሃ እርሾ ነው፤ ይጠለልና ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል። ለስንዴ ዳቦ የሚያገለግለው ግን ራሱ ሊጡ ነው፤ ወፈር ያለ፣ አረፋ የሞላው፣ ከፍ ብሎ የሚታይ። በእሱ ላይ ውሃ ካቆረ ቀለቡን ጨርሶ ተርቧል ማለት ነው። በእንጀራ የለመደ ዓይን ደግሞ ሊጡን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ሊጥ ውስጥ ያለው እርሾ ቢበረታም አየሩ ሽቅብ ወጥቶ ያመልጣል እንጂ ሊጡን አያነሳም። «እርሾዬ አረፋ አለው ግን ከፍ አይልም» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ይህ ብቻ ነው፤ ውሃውን ቀነስ አድርገው በማግስቱ ያዩታል።

ለመሆኑ በሁለተኛው ቀን ያ ሁሉ አረፋ ከየት መጣ? ዱቄቱ ገና ከወፍጮ ሲወጣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ውሃ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚቀድሙት ፈጣኖቹ ናቸው፤ ገና ኮምጣጣ ባልሆነ ሊጥ ውስጥ በአንድ ቀን ይባዙና አየር ያመነጫሉ። ሊጡን የሚያስነሳውም፣ እንደ ተበላሸ አይብ ወይም እንደ ትውኪያ የሚሸተውም ያኔ ነው። ዳቦ የሚያስነሳው፣ ራሱም እርሾ የሚባለው ጥቃቅን ተሕዋስ በዚያ ሰዓት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሲሠሩ አሲድ ይለቃሉ፣ ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ ደግሞ እነሱው ራሳቸው መቋቋም ያቅታቸዋል። ጸጥታው የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ኮምጣጣ የሚስማማቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ፣ ሊጡን የበለጠ ያኮመጥጡታል፣ ዱቄቱ ላይ በጥቂቱ የነበረው እርሾ ደግሞ በዚያ ኮምጣጣ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተስማምቶ ይባዛል። ከላይ ሲታይ ሊጡ ተኝቷል፤ ከውስጥ ግን ባለቤት እየቀየረ ነው።

ሥራውን በተጨባጭ እንየው። ማእድ ቤቱ አዲስ አበባ ነው እንበል፣ ሙቀቱ 20 ወይም 21 ዲግሪ። የሚያስፈልገው ከወፍጮ ቤት ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ነጭ የፉርኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ አንድ ላስቲክና ሚዛን ነው። ያልተነፋው ዱቄት የሚፈለገው የእህሉ ገለፈት ላይ ያሉት ተሕዋስያን ስለሚበዙና ለእነሱ የሚሆን ማዕድንም ስላለው ነው። በነጭ ዱቄት ብቻም ይጀመራል፣ ቀኑ ግን ይረዝማል። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው ራይ የሚባለውን እህል ዱቄት ካገኘ ከሁሉም ይፈጥንለታል። ነጩን ሲገዛም በኬሚካል ያልነጣውን ይምረጥ።

ስለ ውሃው ብዙ አያስጨንቅም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ከሸተተ በሰፊ ዕቃ ክፍት አድርጎ ማሳደር ወይም አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። አንዳንድ አገር ለቧንቧ ውሃ ክሎራሚን የሚባል ማከሚያ ይጠቀማሉ፤ እሱ በማሳደር አይጠፋም፣ እዚያ የታሸገ ውሃ ይሻላል።

ሚዛን ከሌለ በአንድ ዓይነት ሲኒ ሁለት ሲኒ ዱቄት ለአንድ ሲኒ ውሃ ይለካል። ዱቄት ከውሃ በግማሽ ያህል ስለሚቀል፣ ይህ በክብደት እኩል ለእኩል ይመጣል። የሚፈለገውም እሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን 50 ግራም ያልተነፋ ዱቄት በ50 ግራም ለብ ያለ ውሃ ይታሻል፤ ለብ ያለ ማለት እጅ ሲነካው ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማው ነው። ደረቅ ዱቄት እንዳይቀር በደንብ ይማሰላል። ውፍረቱ ለገንፎ የቀረበ፣ በማንኪያ ሲነሳ ቀስ ብሎ የሚወድቅ ይሁን። ክዳኑ ላላ ብሎ ይቀመጣል፤ ጠበቅ ተደርጎ ከተዘጋ የሚወጣው አየር ጠርሙሱን ሊሰብረው ይችላል። በማግስቱ ምንም ሳይጨመር ብቻ ይማሰል። ከፍ ብሎ ከተገኘም ያው ማማሰል ነው።

በሦስተኛው ቀን ቀለቡ ይጀመራል። ከሊጡ 50 ግራም በንጹሕ ጠርሙስ ይቀመጣል፣ የቀረው ይደፋል፣ በ50ው ላይ 25 ግራም ያልተነፋ፣ 25 ግራም ነጭ ዱቄትና 50 ግራም ውሃ ይገባል። ከዚያ በኋላ በየ24 ሰዓቱ ያንኑ መድገም ነው። «ለምን ይደፋል?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ስለሆነ በቁጥር እንመልሰው። 100 ግራም ሊጥ ሳይቀነስለት በየቀኑ የራሱን ያህል ዱቄትና የራሱን ያህል ውሃ ቢጨመርለት በማግስቱ 300፣ ከዚያ 900፣ ከዚያ 2,700፣ በአራተኛው ቀለብ 8,100 ግራም ይሆናል። ከስምንት ኪሎ በላይ፣ ያውም ገና ዳቦ የማያስነሳ። ሳይቀንሱ ዱቄቱን ጥቂት ጥቂት መጨመር ደግሞ ለተራበ መንጋ እፍኝ ገለባ መበተን ነው፤ ቀለቡ ለሁሉም አይዳረስም። እርሾው ከበረታ በኋላ የሚቀነሰው ቂጣ ሊጥ ውስጥ ይገባል፣ አይባክንም። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ሽታው ራሱ እንዲደፉት ያስገድዳል።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ቀን ጸጥ ይላል። እዚህ ጋ ሰዎች ሁለት ነገር ያደርጋሉ፤ ሁለቱም አይበጁም። አንዱ የመደብር ደረቅ እርሾ ቆንጠር አድርጎ መጨመር ነው። ሊጡ ወዲያው ይነሳል፣ የተነሳው ግን በተጨመረው ነው፤ የሚጠበቀው እርሾ ምን ላይ እንዳለ ከዚያ በኋላ አይታወቅም። ሁለተኛው ይበልጥ የተለመደ ነው፤ «ርቦት ይሆናል» ተብሎ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይቀለባል። ጸጥ ያለን ሊጥ በቀን ሦስቴ ማደስ ያከማቸውን ኮምጣጣ ደጋግሞ ማቅጠን ነው፤ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች እንዲመለሱ በር ይከፍትላቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚበጀው ቀለቡን በቀን አንዴ ማድረግ፣ ሊጡ ምንም ለውጥ ካላሳየ አንዱን ቀን እንዲያውም ማማሰል ብቻ ነው። ሙቀት ግን ይረዳዋል። መብራቱ ብቻ የበራ ምድጃ ውስጥ ወይም ማቀዝቀዣው ላይ ማስቀመጥ ሙቀቱን ወደ 25 ዲግሪ ካደረሰው ሁለት ሦስት ቀን ሊያሳጥር ይችላል።

ጸጥታውን ለማሳጠር አንድ ደህና ዘዴ አለ። ባክቴሪያዎቹ ሊጡ እስኪኮመጥጥ ከሚፈነጩበት፣ ከመጀመሪያው ኮምጣጣ አድርጎ መጀመር ነው። በሌላ አገር ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በውሃው ፈንታ የአናናስ ጭማቂ የሚጠቀሙ አሉ። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግን ይህ አያስፈልገውም። በመጀመሪያው ቀን ከ50 ግራሙ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀንሶ በጥሩ የጤፍ እርሾ መተካት ነው። እርሾው ኮምጣጣውንም ተሕዋስያኑንም ይዞ ይገባል። ይህ ሲባል ግን በማግስቱ ለዳቦ ይደርሳል ማለት አይደለም። ከጤፍ የመጣው መንጋ ስንዴ እየተቀለበ እስኪለምድ ወይም ከስንዴው የመጣው እስኪተካው ቀናት ይፈልጋል፤ ያው ምልክቱን መጠበቅ ነው።

በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል ለውጡ ይታያል። መጀመሪያ የሚለወጠው ሽታው ነው። ያ ክፉ ሽታ ጠፍቶ እንደ እርጎ፣ አንዳንዴም እንደ ጠላ ድፍድፍ ይሸታል። ቀጥሎ በብርጭቆው ግድግዳ ትንንሽ አረፋዎች ከታች እስከ ላይ እኩል ተበትነው ይታያሉ። በሁለተኛው ቀን የነበሩት ግን ትልልቅና የተዘበራረቁ ነበሩ። ሊጡ ከቀለብ በኋላ በ12 ሰዓት ውስጥ እጥፍ መሆን ከጀመረ ቀለቡ በቀን ሁለት ጊዜ ይሁን፣ ጠዋትና ማታ። አሁን አይጎዳውም፤ ከአንዱ ቀለብ እስከ ሌላው በቂ ኮምጣጣ ያፈራል።

አሁን ስለ ዝግጁነት። በብዙ ቦታ የሚመከረው ፈተና ከእርሾው አንድ ማንኪያ ውሃ ላይ መጣል ነው፤ ከተንሳፈፈ ደርሷል ይባላል። ይህ ፈተና ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። የሚነግረን ሊጡ ውስጥ አየር እንዳለ ብቻ ነው። የሁለተኛው ቀን የውሸት ኩፍታም ጥሩ አድርጎ ይንሳፈፋል። በአንጻሩ በጣም ብርቱ እርሾ ማንኪያው ሲነካው አየሩ ካመለጠ፣ ወይም ያልተነፋ ዱቄት በዝቶበት ከከበደ ይሰምጣል። ከውሃ ብርጭቆ ይልቅ ሰዓትና ላስቲክ ይሻላሉ።

እንዲህ ይደረጋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 50 ግራም እርሾ፣ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ ተማስሎ ጠርሙስ ውስጥ ይደለደላል፤ ላስቲኩ በሊጡ ልክ ይታሰራል። የሊጡ ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 3 ሰዓት ላይ ሲታይ ከላስቲኩ እምብዛም አላለፈም፣ አረፋዎቹም ጥቂት ናቸው። 5 ሰዓት ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ደርሷል፤ አናቱ እንደ ተገለበጠ ሳሕን ጎበጥ ብሏል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስምንት ተኩል ነው፣ አሁንም ጎበጥ እንዳለ። 8 ሰዓት ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጉብታው ተስተካክሏል፤ ከላይ ያሉት አረፋዎች እንደ እንጀራ ዓይን ይፈነዳሉ። 10 ሰዓት ላይ መሐሉ ሰርጉዶ ወደ 8 ወርዷል፤ ብርጭቆው ላይ ደርሶበት የነበረውን ከፍታ የሚያሳይ የሊጥ ቅሪት ቀርቷል።

ለዳቦ የሚወሰደው ከቀኑ 8 ሰዓት ግድም ነው፤ ጉብታው ከተስተካከለበት አንስቶ መሐሉ መስረጎድ እስኪጀምር ድረስ። በዚህ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት የሚሆን ጊዜ ነው። አናቱ ገና በጣም ጎበጥ ብሎ ከተወሰደ እርሾው ገና እየተባዛ ስለሆነ ቁጥሩ ያንሳል፣ የዳቦው ሊጥ ሳይነሳ ሰዓቱ ይሄዳል። በጣም ሰርጉዶ ከተወሰደ ደግሞ የተጠራቀመው አሲድ የሊጡን ጅማት ስላላላው አየሩን መያዝ አቅቶታል፤ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ወደ ላይ መሄድ ትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። የወረደው እርሾ ግን አይጣልም፤ ተቀልቦ በሚቀጥለው ዙር በሰዓቱ ይወሰዳል።

በትክክለኛው ሰዓት በማንኪያ ገለጥ ቢያደርጉት ከውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት፣ ሲሳብ ክር የሚያወጣ ሆኖ ይገኛል። ክር ሳያወጣ እንደ ቀለም ከፈሰሰ ወይ ቀጥኗል ወይ ጊዜው አልፎበታል።

አንድ ጊዜ እጥፍ መሆኑ ግን አይበቃም። መለኪያው ሦስት ተከታታይ ቀለቦች ናቸው። በሦስቱም እኩል ለእኩል ተቀልቦ፣ በ21 ዲግሪ ግድም በ8 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ እጥፍ ከሆነና ከፍታው ላይ የሚደርስበት ሰዓት ከተቀራረበ፣ ያ እርሾ ደርሷል። የውሸቱ ኩፍታ ይህን ፈተና አያልፍም፤ አንዴ ይነሳና ይጠፋል። በዚህ መንገድ የተጀመረ እርሾ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በአምስት ቀን ያልቃል የሚል መመሪያ ካጋጠመ ሞቃት ማእድ ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው፤ ወይም የጻፈው ሰው በሁለተኛው ቀን ተታሏል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሩብ ገደማ ያነሰ ነው፣ ያው መጠን ያለው አየር እዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። እጥፍ መሆን እዚህ በመጠኑ ይቀላል። ስለዚህ ከቁመቱ ይልቅ የአናቱ ቅርጽ፣ ሽታውና ክሩ የበለጠ ይታመኑ።

ሰዓቱን እንደ ፍላጎት ማስረዘምም ማሳጠርም የሚቻለው በቀለቡ መጠንና በሙቀቱ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቀልቦ ጠዋት ለማቡካት የፈለገ ሰው 10 ግራም እርሾ በ50 ግራም ዱቄትና በ50 ግራም ውሃ ያድርገው። ዘሩ ትንሽ ቀለቡ ብዙ ስለሆነ በ21 ዲግሪ ከፍታው ላይ የሚደርሰው ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ አየር ማቀዝቀዣው በጠፋበት 30 ዲግሪ ማእድ ቤት፣ እኩል ለእኩል የተቀለበው በሦስት በአራት ሰዓት ይደርስና ሰው ሳያየው ይወርዳል፤ እዚያ ዘሩን ማሳነስና ቀዝቃዛ ውሃ መጠቀም ይበጃል። ማታ ከተቀለበው 110 ግራም ውስጥ 100ው ለ500 ግራም ዱቄት፣ ለ325 ግራም ውሃና ለ10 ግራም ጨው ይሆናል። የቀረው 10 ግራም ለሚቀጥለው ዘር ነው፤ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀውም ቢሆን ይበቃል።

ከመጥፎ ምልክቶች ውስጥ የሚያስፈሩትና የማያስፈሩት መለየት አለባቸው። ከላይ ያቆረ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ውሃ አልኮል ያለበት የረሃብ ምልክት ነው፤ ያፍስሱት ወይም መልሰው ያማስሉት፣ ከዚያ ይቀለብ። እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ እንደ አሴቶን መሽተትም ረሃብ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀለብ በዛ ባለ ዱቄት ያስተካክለዋል። ፀጉር ያወጣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ነጭ ሻጋታ ግን ሌላ ነው፤ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ቀለም መታየትም እንደዚሁ። ከላይ ገፍፎ የታችኛውን ማዳን አይሞከርም፣ ሁሉም ይደፋና ጠርሙሱ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ሻጋታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ደርቆ የቀረውን ሊጥ ነው፤ ከየቀለቡ በኋላ ግድግዳውን መጥረግ ይህን ይከላከላል።

በሳምንት አንዴ ብቻ የሚጋግር ሰው በየቀኑ መቀለብ የለበትም። እርሾው ተቀልቦ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውጭ ከቆየ በኋላ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ሳምንት፣ ከተረሳም ሁለት ሳምንት ይቆያል። መብራት ቢጠፋና ማቀዝቀዣው ቢሞቅ አይሞትም፣ ቶሎ ይርበዋል እንጂ። ለመጋገር ሲወጣ ግን በመጀመሪያው ቀለብ በላላ ጉልበት ስለሚነሳ ለዳቦ አይወሰድ። አርብ ማታ አውጥቶ መቀለብ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና መቀለብ፣ ከዚያ ላስቲኩን አስሮ ጉብታው እስኪስተካከል መጠበቅ ነው።